ትክክል መሆን ማወቅ ነው?

በአንደኛ ዓመት የፍልስፍና ኮርስ ውስጥ የሚገኘው ኤፒስቴሞሎጂ የሚመረምረው ዕውቀትን ራሱን ነው። አንድ ሰው «አውቃለሁ» ሲል፣ ከመገመት በምን ይለያል?

ከፕላቶ «ቴአይቴቶስ» ጀምሮ የሚመረመር መልስ አለ፤ ያወቀ ሰው ነገሩን ያምናል፣ ነገሩም እውነት ነው፣ ለማመኑም በቂ ምክንያት አለው። ሎተሪ እንደሚደርሰው እርግጠኛ የነበረ ሰው ቢደርሰው እንኳ ያውቅ ነበር አንልም፤ ምክንያት አልነበረውምና።

በርትራንድ ራስል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 በታተመ መጽሐፉ የቆመ ሰዓት ምሳሌ አነሳ። ነገሩን እንዲህ እናስበው፦ አንዲት ተማሪ ሁልጊዜ በትክክል የሚሠራውን የግድግዳ ሰዓት ጠዋት ቀና ብላ አየች፤ አራት ሰዓት ይላል። እውነትም አራት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ግን ማታ አራት ሰዓት ላይ ቆሟል። አምናለች፣ እውነት ነው፣ ምክንያትም አላት። ግን አሥር ደቂቃ ዘግይታ ብታየው ኖሮ ትሳሳት ነበር። ይህን ዕውቀት ማለት ይከብዳል።

ኤድመንድ ጌቲየር በ1963 ባሳተማት የሦስት ገጽ ጽሑፍ፣ በሌሎች ምሳሌዎች ሦስቱ መስፈርቶች እንደማይበቁ አሳየ። አንዳንዶች አራተኛ ጨመሩ፤ ምክንያቱ በሐሰት ላይ መቆም የለበትም። ተማሪዋ «ሰዓቱ እየሠራ ነው» ብላ ነበርና ይህ መልስ ለእሷ ይሠራል፤ እኔንም መጀመሪያ የሚያሳምነኝ እሱ ነው። ነገር ግን በሕንፃው ካሉት ሰዓቶች አንዱ ብቻ የሚሠራ ቢሆን፣ እሷም ሳታውቅ ያየችው እሱን ቢሆንስ? ያመነችው ሐሰት የለም፤ ዕድል ግን ረድቷታል። አወቀች ወይስ አላወቀችም በሚለው ላይ ፈላስፎች ዛሬም አይስማሙም።