«ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም»

በጋዜጦቻችን የምርመራ ዘገባዎች መጨረሻ ላይ «ምላሻቸውን ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ጥረቱ አንድ የስልክ ጥሪ ይሁን ወይም ደብዳቤ አስገብቶ ሳምንት መጠበቅ፣ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት የአሜሪካው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ታሪክ ያሳያል። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ባወጣው ዘገባ አንዲት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፋይ ካፓ ሳይ በተባለው የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ቤት ውስጥ በቡድን ተደፍራለች ሲል ጻፈ። ጋዜጠኛዋ ማኅበሩን አልጠየቀችም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የቡድን አስገድዶ መድፈር ውንጀላ መኖሩን ጠቅሳ አስተያየት ጠየቀች እንጂ፣ ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለበትን ቀንና በዚያ ምሽት ነበረ የተባለውን ግብዣ አልነገረቻቸውም። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ከጥቅል ማስተባበያ በስተቀር ምን መልስ ሊሰጥ ይችላል? ዘገባው ከወጣ በኋላ ማኅበሩ በተባለው የሴፕቴምበር 2012 ቅዳሜና እሑድ ምንም ግብዣ እንዳላዘጋጀ አስታወቀ። ቀኑ አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ መጽሔቱ ይህን ከኅትመት በፊት ይሰማና ያጣራ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ዘገባው የተማሪዋ ጓደኛ የነበረ አንድ ወጣት ቃለ መጠይቅ ለመስጠት ፈቃደኛ እንዳልሆነ ይገልጻል። ጋዜጠኛዋ ግን ልጁን ጨርሶ አላነጋገረችውም። «አልናገርም» ማለቱን የሰማችው ከራሷ ከተማሪዋ ነበር፤ መጽሔቱም ይህን ለአንባቢ አልገለጸም። በመጽሔቱ ጥያቄ ጉዳዩን የመረመረው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ሪፖርቱን ሲያወጣ ሮሊንግ ስቶን ዘገባውን ሙሉ በሙሉ ሳበ።

ስለዚህ ለተወነጀለ ሰው የሚላክ ጥያቄ በጽሑፍ ይሁን። ሊታተም የታሰበው እያንዳንዱ ውንጀላ ከነቀኑ፣ ከነቦታውና ከነገንዘቡ መጠን ይስፈርበት፤ ምላሽ የሚጠበቅበት ቀንና ሰዓትም ይገለጽ። የምስጢር ምንጭን የሚያጋልጥ ዝርዝር ግን ይቀራል። የአሥር ዓመት ሰነድ ማገላበጥ ለሚጠይቅ ጉዳይ ማታ ደውሎ ለጠዋት መልስ መጠበቅ፣ በእኔ እምነት፣ እንደ መጠየቅ አይቆጠርም።

ዝም ካሉ የሆነውን እንዳለ መጻፍ ነው፦ «ሰኞ ዕለት 6 ጥያቄዎችን በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤታቸው አስገባን፤ ጸሐፊያቸው መቀበላቸውን አረጋገጡልን፤ እስከ ዓርብ ምላሽ አልደረሰንም።» «ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚባለው አልመልስም ላለ ሰው ብቻ ነው። ስልክ ያላነሳ ሰው እምቢ አላለም፤ ተጨማሪ ጊዜ የጠየቀም አልሸሸም። በጠበቃ ምክር ዝም ያለም ጥፋቱን አመነ ማለት አይደለምና «ማስተባበል አልቻሉም» ብሎ መጻፍ በደል ነው። መልሱ ከኅትመት በኋላ ከመጣም ውንጀላው በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ።