ለዓመታት ያልደወላችሁላቸውን የድሮ አለቃ «ሪፈረንስ ይሁኑኝ» ለማለት ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

የሥራ ማመልከቻ እየሞላችሁ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ «3 ሪፈረንስ ከነስልካቸው» ይላል። ሁለቱ አያስቸግሩም። ሦስተኛዋ ግን ከ5 ዓመት በፊት የለቀቃችሁት መሥሪያ ቤት አለቃ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለእንቁጣጣሽ እንኳን «እንኳን አደረስዎ» አላላችኋቸውም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይሳሳታል። አንዳንዱ ሳያስፈቅድ ስማቸውን ጽፎ ይልካል። ቀጣሪው ሲደውል አለቃዋ «ማን? የትኛዋ?» ይላሉ፤ ያቺ ዝምታ ብቻዋን ትጎዳችኋለች። ሌላው ደግሞ በቴሌግራም «ሰላም ነዎት? ጠፉ እኮ» ብሎ ይጠብቃል። እሳቸው ግን ጉዳዩ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ፣ ገንዘብ ሊጠየቁ ይሆናል ብለው ዝም ሊሉ ይችላሉ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ መብታችሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት። ሪፈረንስ መሆን ግን ውለታ ነው። ስለዚህ መልእክቱ «እምቢ» ለማለትም ቦታ መተው አለበት።

ለምሳሌ አንዲት ልጅ መድኃኒት አከፋፋይ ጋር ስቶር ኪፐር ነበረች እንበል። አሁን ለአንድ የረድኤት ድርጅት እያመለከተች ነው። እንዲህ ብትጽፍ ጥሩ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት። እገሊት እገሌ ነኝ። ከጥቅምት 2010 እስከ ሰኔ 2012 መድኃኒት መጋዘኑ ውስጥ በእርስዎ ሥር ስቶር ኪፐር ነበርኩ። የዓመቱን ቆጠራ ስንሠራ ሦስት ቀን አብረን ያመሸነው ትዝ ይልዎት ይሆናል። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጠይቅዎ በመቆየቴ ይቅርታ። ዛሬ የምጽፍልዎት ለጉዳይ ነው። ለሎጂስቲክስ ረዳትነት እያመለከትኩ ነው፣ ማመልከቻው የሚዘጋው የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ስምዎንና ስልክዎን በሪፈረንስነት ልስጥ? ከተመረጥኩ ደውለው ስለ ሥራዬ ይጠይቁዎታል። ካልተመቸዎት ወይም በደንብ ካላስታወሱኝ ቅር አይለኝም፣ ብቻ ያሳውቁኝ።»

ሙሉ ስሟን፣ ጊዜውንና ቦታውን መጻፏ ለይሉኝታ አይደለም። የቴሌግራም ስማችሁ ቅጽል ስም፣ ፎቷችሁ አበባ ከሆነ አለቃችሁ ማን እንደጻፈላቸው አያውቁም። የቆጠራው ትዝታ ደግሞ ፊቷን ያስታውሳቸዋል፣ ሲደወልላቸውም የሚናገሩት ነገር ይሰጣቸዋል። ስለ ዝምታው ይቅርታ የጠየቀችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ይቅርታው ከረዘመ «አይዞሽ» የማለት ሥራ በእሳቸው ላይ ይወድቃል።

መልሱንም ማንበብ ያስፈልጋል። «ደስ ይለኛል፣ ስለ ምን ልንገራቸው?» ካሉ አገኛችሁ ማለት ነው። «ኤችአርን ጠይቂ» ወይም «እስቲ እናያለን» ካሉ ግን አትግፉ፣ አመስግናችሁ ተዉት። ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ «ድጋሚ ይቀጥሯታል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ ጥያቄ ላይ የሚያቅማማ ሰው ከሌለ ሰው ይብሳል። በ3 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ አንዴ ደውሉ። ካልተነሳ የቅርብ ተቆጣጣሪያችሁን ወይም ሥራችሁን የሚያውቅ ሌላ ኃላፊ ጠይቁ።

እሺ ካሉ በዚያው ቀን ሲቪያችሁን፣ የሥራ ማስታወቂያውንና እሳቸው ጋር የሠራችሁትን በሦስት መስመር ላኩላቸው። የትኛውን ስልክና ኢሜይል እንድትሰጡ እንደሚፈልጉም ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤት ቀይረው ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የዘመን አቆጣጠሩን ነው። የልጅቷ ሲቪ በፈረንጅ አቆጣጠር «ከኦክቶበር 2017 እስከ ጁን 2020» ይላል፣ አለቃዋ የሚያስታውሱት ግን 2010ን ነው። ቀጣሪው ሲጠይቃቸው «በ2010 ነው የገባችው» ካሉ ቀኑን የዋሸች ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉላቸው፣ ከሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ ጋርም አመሳክሩት።

ውጤቱ ሲታወቅ፣ ሥራውን ብታገኙም ባታገኙም፣ ደውላችሁ ንገሯቸው። ስለ እናንተ መስክረው መጨረሻውን ሳይሰሙ የቀሩ ሰው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስልካችሁን ላያነሱ ይችላሉ።