ልጆች ፎቶውን ይዩት፣ አያጥፉት
የቤት ማከማቻ ላይ ለቤተሰብ አባላት መብት እንዴት ይከፋፈላል?

የቤተሰብ ፎቶ ዛሬ በየሰው ስልክ ተበታትኖ ነው የሚገኘው። የክርስትናው በእናት ስልክ፣ የሠርጉ በአጎት ላፕቶፕ፣ የአያት የመጨረሻ ፎቶዎች ደግሞ መሳቢያ ውስጥ በተጣለ አሮጌ ስልክ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በተለምዶ ናስ የሚባለው የኔትወርክ ማከማቻ ነው። ውስጡ አንድ ወይም ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለው፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል የሚገናኝ ትንሽ ሳጥን ነው። ቤት ውስጥ ያለ ስልክና ኮምፒውተር በዋይፋይ ያገኘዋል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል፤ እቤት ሆኖ ፎቶ ለማየትም ዳታ አይቆርጥም። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ፣ አንዱ ፎቶ በአማካይ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ፎቶ ይይዛል።

ፎቶው አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ግን አደጋውም አብሮ ይሰበሰባል። የሰባት ዓመት ልጅ የልደቱን ፎቶ ሲፈልግ የአንድ ዓመት ሙሉ ፎልደር ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ልጆች እንደ ልባቸው የሚያዩበትን፣ ነገር ግን ማጥፋት የማይችሉበትን መንገድ ማበጀት ያስፈልጋል።

መነሻው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱን አካውንት መክፈት ነው። ማከማቻው የሚያውቀው ሰውን ሳይሆን አካውንትን ነው። ሁሉም በአባት ስምና ፓስወርድ የሚገባ ከሆነ፣ ለማከማቻው ሁሉም አባት ነው።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት የማጥፋት መብት የት እንደሚቀመጥ ነው። እነዚህ ሳጥኖች በአብዛኛው በሊነክስ ላይ የሚሠሩ ናቸው። በሊነክስ ደግሞ አንድን ፋይል የማጥፋት መብት የሚወሰነው ፋይሉ በተቀመጠበት ፎልደር ነው። ፎልደሩ እንደ ስም መዝገብ ነው፤ ማጥፋት ማለት ከመዝገቡ ላይ ስም መሰረዝ ነው። መዝገቡ ላይ መጻፍ የተፈቀደለት ሰው ፋይሉን ራሱን መለወጥ ባይችል እንኳ ስሙን መሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከመቆለፍ ይልቅ፣ ልጆቹ በፎልደሩ ላይ የመጻፍ መብት እንዳይኖራቸው ማድረግ ነው የሚበጀው።

ሲኖሎጂ የተባለውን የታወቀ መሣሪያ ወስደን፣ ሁለት ወላጆችና ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አንደኛው ወላጅ በአስተዳዳሪው አካውንት ገብቶ Control Panel ይከፍታል። መጀመሪያ አምስት አካውንቶችን ይፈጥራል፤ ሁለቱ የወላጆች፣ ሦስቱ የልጆች። ከዚያ parents እና kids የሚሉ ሁለት ቡድኖች ከፍቶ እያንዳንዱን በየቡድኑ ያስገባል። በመጨረሻም Shared Folder ውስጥ የፎቶውን ፎልደር መርጦ የመብት ገጹን ይከፍታል። እዚያ ካሉት ምርጫዎች ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ No access፣ Read/Write እና Read only። ለወላጆች ቡድን Read/Write፣ ለልጆች ቡድን Read only ይሰጣል። Read only የተሰጠው ልጅ ፎቶውን ከፍቶ ያያል፤ ማጥፋት፣ ስሙን መቀየር፣ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርም ሆነ በላዩ ላይ ሌላ ፎቶ ማስቀመጥ አይችልም።

ሥራው የሚበላሸው አንድ አካውንት በሁለት ቡድን ውስጥ ሲገኝ ነው። በሲኖሎጂ ሕግ መብቶች ሲጋጩ No access ሁሉንም ይሽራል፤ ቀጥሎ Read/Write፣ ከዚያ Read only ይመጣል። እያንዳንዱ አካውንት ደግሞ ሲፈጠር ጀምሮ users የሚባል ቡድን አባል ነው። ለዚያ ቡድን Read/Write ከተሰጠ፣ ለልጆቹ የተሰጠው Read only ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ያጠፋል። በተቃራኒው ልጆቹን ለመከልከል ተብሎ users ላይ No access ከተደረገ ወላጆችም ራሳቸው ይዘጋባቸዋል። መፍትሔው የusers ቡድንን በፎቶው ፎልደር ላይ ምንም ምልክት ሳያደርጉ ባዶ መተው ነው።

ሌላው ጥያቄ የሚመጣው ከትልቋ ልጅ ነው፤ እሷም ፎቶ መጨመር ትፈልጋለች። ይህን ለማሟላት ወደ ወላጆች ቡድን ማስገባት በቀጥታ የማጥፋት መብት መስጠት ነው። «ትጨምር እንጂ አታጥፋ» የሚል ዝርዝር መብት ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የመጻፍ መብት በነባር ፎቶ ላይ ሌላ ነገር የመጻፍን በርም ሊከፍት ስለሚችል አስተማማኝ አይደለም። የሚሻለው ልጆቹ Read/Write ያላቸው ሌላ ትንሽ ፎልደር ከፍቶ እዚያ እንዲያስቀምጡ ማድረግ ነው። ወላጅ በየጊዜው ገብቶ የሚቀመጠውን ወደ ዋናው ያዛውራል።

መብቱ በትክክል ተሰጥቶ እንኳ በጎን የሚገባ ችግር አለ። ዊንዶውስ ኮምፒውተር አንዴ የገባበትን ስምና ፓስወርድ ያስታውሳል። አባት ከሳሎኑ ኮምፒውተር ወደ ማከማቻው ገብቶ ፓስወርዱ እንዲቀመጥ ካደረገ፣ ቀጥሎ እዚያው የሚቀመጠው ልጅ የአባቱን መብት ይዞ ነው የሚገባው። በእናት ስልክ ላይ የተከፈተ የፎቶ አፕም እንዲሁ ነው። ልጆች የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ የየራሳቸው መግቢያ ይኑር፤ የአስተዳዳሪው አካውንትም ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይቀመጥ። ሲኖሎጂ የፎቶ ማሳያ አፑ ለጋራ ፎቶዎች የራሱ የመብት ገጽ ስላለው፣ ልጆቹ እዚያም ማየት ብቻ የተፈቀደላቸው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ መሥራቱ የሚታወቀው በሙከራ ነው። አንድ የማይፈለግ ፎቶ በዋናው ፎልደር ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ በልጁ አካውንት ገብተው ለማጥፋት፣ ስሙን ለመቀየር፣ አዲስ ፎልደር ለመክፈት ይሞክሩ። ሦስቱም መከልከል አለባቸው። ሙከራውን በኮምፒውተርም በስልክ አፑም ይድገሙት፤ አንዱ ዘግቶ ሌላው ሊፈቅድ ይችላልና።

Read only የማይከላከላቸው ነገሮችም አሉ። አንደኛው መቅዳት ነው። ማየት የሚችል ልጅ ፎቶውን ወደ ስልኩ ወስዶ በቴሌግራም ሊልከው ይችላል። የፓስፖርት ቅጂ፣ የሕክምና ወረቀትና ለልጅ ዓይን የማይሆን ነገር ልጆቹ ጨርሶ በማይገቡበት ሌላ ፎልደር ይቀመጥ። ሁለተኛው የወላጅ የራሱ ስህተት ነው። ለዚህ በፎቶው ፎልደር ላይ Recycle Bin ማብራት፣ ባዶ የማድረግ ዕድሉንም ለአስተዳዳሪ ብቻ መተው ይረዳል፤ በአውታሩ በኩል የጠፋው ፎቶ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። ሦስተኛው የዲስክ መበላሸት፣ ስርቆትና እሳት ነው። ሁለት ዲስክ እርስ በርስ የሚገለባበጥበት አሠራር አንዱ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ የጠፋ ፎቶን ግን አይመልስም፣ ምክንያቱም ከአንዱ ላይ የጠፋው በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይጠፋል። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ በየጊዜው ገልብጦ፣ ነቅሎ፣ ከተቻለም ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ፓስወርዱን ከመስጠታችሁ በፊት እናንተው በስማቸው ግቡና ያንን የሙከራ ፎቶ ለማጥፋት ሞክሩ። ከጠፋላችሁ፣ የቤተሰባችሁ ፎቶ ገና አልተጠበቀም።