ስድስት ነጥብ የጠየቀ ደብዳቤ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ አምጥታ፣ በሁለት እጇ ሰጥታኝ ወጣች። ከላይ እንደማንኛውም ማመልከቻ «ጉዳዩ፦ የፈተና እርማት እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየሴሚስተሩ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ስንት ሌሊት እንዳጠኑና ውጤቱ ምን እንደሚያሳጣቸው ይጽፉልኛል። ችግራቸው ያሳዝነኛል፤ የፈተና ወረቀቱን እንደገና ለማየት የሚያስችል ነገር ግን አላገኝበትም። የእሷ ደብዳቤ እንዲህ ይጀምራል፦

«መምህር፣ በጥያቄ 3 ንዑስ ክፍል ‹ለ› የሰጠሁት መልስ ከመልስ ቁልፉ የተለየ ነው። ሆኖም ጥያቄው ያስቀመጣቸውን ሁለቱንም ገደቦች ያሟላል። ማረጋገጫውን ከታች ሠርቻለሁና እንዲያዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤው ምን እንዳስተማረኝ ለመናገር መጀመሪያ ጥያቄውን ማስረዳት ይኖርብኛል።

ፊልተር ማጣሪያ ነው። ጠላ ስናጠል አተላው ማጥለያው ላይ ይቀራል፣ ጠላው ያልፋል። በኤሌክትሪክ ሲግናል ውስጥም የምንፈልገውና የማንፈልገው ተቀላቅሎ ይመጣል፤ የሚለያዩት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ ነው። ይህ ቁጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል፣ የሚለካውም በኸርዝ ነው። በፈተናው ላይ ያስቀመጥኩት እስከ 1000 ኸርዝ ያለውን አሳልፎ፣ ከ4000 ኸርዝ ጀምሮ ያለውን የሚያስቀር ፊልተር እንዲነደፍ ነበር።

እውነተኛ ፊልተር ግን እንደ ቢላ አይቆርጥም። እንደ ኮረብታ ወገብ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ንድፍ የሚያዝዝ ሰው ሁለት ገደብ ይሰጣል። አንደኛው፣ በሚያልፈው በኩል ቢበዛ ስንት ይጥፋ? በፈተናው 1 ዴሲቤል ነበር፤ ማለትም 100 ሚሊቮልት ከገባ ቢያንስ 89 ገደማ ይውጣ። ሁለተኛው፣ በሚቀረው በኩል ቢያንስ ስንት ይታገድ? እሱ 40 ዴሲቤል ነበር፤ 100 ሚሊቮልት ከገባ ከ1 በላይ አይውጣ። የፊልተሩ ዓይነት ደግሞ በተርወርዝ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ስቴፈን በተርወርዝ በ1930 ያሳተመው ይህ ንድፍ፣ በሚያሳልፈው ክልል ውስጥ ሞገድ የሌለበት ለስላሳ መስመር ስለሚሰጥ ተማሪዎቻችን መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው።

ንዑስ ክፍል ‹ሀ› የፊልተሩን ኦርደር ይጠይቃል። ኦርደር ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሚያጎደጉድ የሚነግረን ቁጥር ነው፤ በጨመረ ቁጥር መስመሩ ቶሎ ይወርዳል፣ የሚያስፈልገው ዕቃም ይበዛል። ከሁለቱ ገደቦች ተነስተን ስናሰላ 3.81 ይመጣል። ክፍልፋይ ኦርደር ያለው ፊልተር ስለማይሠራ ወይ 3 ወይ 4 መሆን አለበት። በ3 ብንሠራው፣ በ1000 ኸርዝ 1 ዴሲቤል ብቻ እንዲጠፋ አድርገን 4000 ኸርዝ ላይ ስንደርስ የሚታገደው 30 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ አይበቃም። ስለዚህ መልሱ 4 ነው። ተማሪዋም 4 ብላ 4 ነጥቧን አግኝታለች።

ክርክሩ የተወለደው ከዚሁ 3.81ን ወደ 4 ከማሳደግ ነው። 3.81 የሚበቃበት ቦታ 4 ስናደርግ ትርፍ እናገኛለን። ልብስ ሰፊ ከሚያስፈልገው በላይ ጨርቅ ሲሰጠው ትርፉን ወይ እጅጌው ላይ ወይ ጫፉ ላይ ሊያውለው ይችላል፤ ልብሱ በሁለቱም መንገድ ልክ ይሆናል። በፊልተሩም ትርፉ የት ይዋል የሚለውን የሚወስነው ንዑስ ክፍል ‹ለ› የጠየቀው ቁጥር ነው። ስሙ ከትኦፍ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ የሚያልፈው ሲግናል 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ 71 በመቶ የወረደበት ቦታ ማለት ነው።

የአራተኛ ኦርደር በተርወርዝ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ምን ያህል እንደሚያግድ የሚሰጠው ቀመር ይህ ነው፤ `fc` ከትኦፉ፣ `f` ደግሞ የምንፈትሽበት ፍሪኩዌንሲ ነው፦

```
A(f) = 10·log10(1 + (f/fc)^8)
```

የእኔ መልስ ቁልፍ የመጀመሪያውን ገደብ ልክ እንዲነካ አድርጎ ነበር የተሠራው። በ1000 ኸርዝ በትክክል 1 ዴሲቤል እንዲጠፋ ከተፈለገ ከትኦፉ 1184 ኸርዝ ይሆናል። በዚህ ንድፍ 4000 ኸርዝ ላይ የሚታገደው 42.3 ዴሲቤል ነው፤ ትርፉ በሙሉ ወደሚታገደው ጎን ሄዷል። ተማሪዋ ከሌላው ጫፍ ተነሳች። 4000 ኸርዝ ላይ በትክክል 40 ዴሲቤል እንዲታገድ አድርጋ 1264.9 አገኘችና ከትኦፉን 1260 ብላ ጻፈች። እኔ 1184 እየጠበቅሁ 1260 አየሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ፣ ከ6 ነጥብ ዜሮ ሰጠሁ።

በደብዳቤዋ ያደረገችው አንድ ነገር ነው። ቁጥሯን ወስዳ ወደ ጥያቄው መለሰችው። ከላይ ባለው ቀመር 1260ን ከትከው በ1000 ኸርዝ የሚጠፋው 0.63 ዴሲቤል ነው፤ የተፈቀደው 1 ነበር። በ4000 ኸርዝ የሚታገደው 40.1 ነው፤ የተጠየቀው 40 ነበር። ሁለቱም ገደቦች ተጠብቀዋል። ከዚያም እንዲህ ብላ አከለች፦ «ከ1184 እስከ 1264 ኸርዝ ያለ ማንኛውም ከትኦፍ ሁለቱንም ያሟላል። የእኔ መልስና የቁልፉ መልስ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው።»

ቁጥሩን ለምን ወደ 1260 እንዳወረደችውም ገልጻ ነበር። 1264.9ን እንደ ልማዳችን ወደ 1265 ብናጠጋጋው እገዳው 39.998 ዴሲቤል ላይ ይወድቃል፤ በፀጉር ስንጣቂ ያህል ቢሆንም ከገደቡ በታች ነው። የከትኦፉን ከፍተኛ ጫፍ የያዘ ሰው ሲያጠጋጋ ወደ ታች፣ ዝቅተኛውን ጫፍ የያዘ ደግሞ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ይህን ያየ ተማሪ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ በአጋጣሚ የተገኘ መልስ እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

የደብዳቤው ሦስተኛ አንቀጽ ግን ከሁሉም በላይ አቆመኝ። «የንዑስ ክፍል ‹ሐ›ን እርማት እንደገና ሠርቼ አይቻለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ በእሱ ላይ ጥያቄ የለኝም።»

ንዑስ ክፍል ‹ሐ› ፊልተሩ በኦፕአምፕ፣ በሬዚስተርና በካፓሲተር እንዲሠራ ይጠይቃል። አራተኛ ኦርደር ፊልተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሁለት ሁለተኛ ኦርደር ክፍሎችን በተከታታይ በማገናኘት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ኪው የሚባል ቁጥር አለው፤ መስመሩ ከትኦፉ አካባቢ ያብጥ ወይስ ቀድሞ ይርገብ የሚለውን ይወስናል። ለአራተኛ ኦርደር በተርወርዝ ሁለቱ ኪዎች 0.54 እና 1.31 ናቸው። የመጀመሪያው ቀድሞ ይረግባል፣ ሁለተኛው ያብጣል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞልቶ ለስላሳው መስመር ይወጣል።

ተማሪዋ ለሁለቱም ክፍሎች 0.707 ተጠቅማ ነበር። ይህ ቁጥር ለብቻው ለሚቆም ሁለተኛ ኦርደር በተርወርዝ ትክክል ነው፤ ተማሪዎች ስለሚሸመድዱት በየዓመቱ በብዙ ወረቀት ላይ አገኘዋለሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ክፍሎች ሲቀጣጠሉ ግን ጉድለታቸው ይደመራል። በ1260 ኸርዝ እያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ስለሚያጠፋ በድምሩ 6 ይሆናል። በ1000 ኸርዝ ደግሞ የሚጠፋው 2.9 ዴሲቤል ነው፤ 100 ሚሊቮልት ገብቶ 72 ገደማ ይወጣል ማለት ነው፣ የተጠየቀው ግን ከ89 ያላነሰ ነበር። በ4000 ኸርዝ ብቻ የሚፈትሸው ሰው ስህተቱን አያየውም፤ እዚያ እገዳው ከ40 በላይ ነውና። ቤተ ሙከራ ውስጥ 1000 ኸርዝ ሰጥተው በኦሲሎስኮፕ ሲለኩት ነው የሚጋለጠው። እሷም በወረቀት ላይ ይህንኑ አድርጋ፣ ‹ለ›ን ያዳነላት ፍተሻ ‹ሐ›ን እንደጣለባት አይታለች።

ወረቀቷን አውጥቼ ከደብዳቤው ጎን ዘረጋሁት። ለ‹ለ› 6ቱን ነጥብ በሙሉ ሰጠሁ። ‹ሐ›ንም አየሁ። ከ10 ነጥብ ለሰርኪዩቱ አሳሳል 2፣ ለኪው 4፣ ለካፓሲተሮቹ 4 ነበር የመደብኩት። የኪው 4 ነጥብ በትክክል ነው የተቀነሰባት። ካፓሲተሮቹን ግን እንደገና ዜሮ ያልኩት የእሷን 17.9 እና 8.9 ናኖፋራድ ከቁልፌ ጋር ብቻ አስተያይቼ ነው። በራሷ ከትኦፍ፣ በራሷ ኪውና በመረጠችው 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ሳሰላው ልክ እነዚያው ቁጥሮች ወጡ። የኪው ስህተት አንድ ጊዜ ተቀጥቷል፣ በእሱ ምክንያት የተለወጠን ቁጥር ደግሞ መቅጣት አንዱን ጥፋት ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ያልጠየቀችውን 4 ነጥብም ጨመርኩላት። ከ20 6 የነበረው 16 ሆነ።

ከዚያ የክፍሉን ወረቀቶች በሙሉ አወጣሁ፤ በተመሳሳይ መንገድ ሄደው ዜሮ ያገኙ ሌሎች ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። እነሱ አልጻፉም፤ ነጥባቸው ግን ውጤቱ ሬጅስትራር ጋ ከመድረሱ በፊት ተስተካከለ።

ደብዳቤዋ የማያሸንፍበት ሁኔታም አለ። ጥያቄዬ «በ1000 ኸርዝ በትክክል 1 ዴሲቤል ይጥፋ» ቢል ኖሮ 1260 ስህተት ይሆን ነበር። «ቢበዛ» የምትለው አንዲት ቃል ናት በሩን የከፈተችላት፤ እሷም በደብዳቤዋ ላይ ያቺን ቃል አስምራባታለች። እርማት እንዲታይለት የሚጽፍ ተማሪ ጥያቄው የተጻፈበትን ቃል ይያዝ፣ መልሱን መልሶ ይተካ፣ የተሳሳተውን ይመን፣ የሚጠይቀውን ንዑስ ክፍል ይጥቀስ። ያኔ መምህሩ የሚፈትሸው ነገር ያገኛል።

አሁን የፊልተር ጥያቄ ሳወጣ የመልስ ቁልፌ ላይ 1184 ብዬ አልጽፍም። «ከ1184 እስከ 1264» ብዬ እጽፋለሁ።