ማሳከክና ነጭ ወፍራም ፈሳሽ፦ ሁሉም «ፈንገስ» ነውን?



በገበያ ቀን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገጠሮች የሚመጡ እህቶች መድኃኒት ቤት ገብተው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ወንዶቹ ገዝተው እስኪወጡ ይጠብቁና ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብለው «ያችን የምትከተተዋን ኪኒን ስጭኝ» ይላሉ። ምን እንደሚሰማቸው ብጠይቃቸው «ያው ፈንገስ ነው» ይሉኛል። ማን እንደነገራቸው ስጠይቅ ደግሞ ጎረቤት ናት፤ እሷም ድና ነበር። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው፤ የሚያሳክክና ነጭ ወፍራም ፈሳሽ ያለው ሁሉ ፈንገስ ነው ወይ? ካልሆነስ በምን ይለያል? ምርመራ የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መድኃኒት ቤት ስሠራ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት የልጆች እናት መጥታ ማሳከክና እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ፈሳሽ እንዳለባት ነገረችኝ። ሽታ የለውም፣ ሽንት ስትሸና ውጭ ውጭውን ያቃጥላታል። ምልክቱ ሁሉ የፈንገስ ስለሆነ ክሎትሪማዞል ሰጠኋትና ዳነች። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ደግሜ ሰጠኋት። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን ከንፈሯ ደርቆ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠውን የውኃ ላስቲክ አየችና «እባክሽ እሷን አቀብይኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኋት። ሌሊት ለሽንት አራትና አምስት ጊዜ ትነሣለች፣ ከስታለች፣ ጥሟ አይቆርጥም። ወደ ጤና ጣቢያ ልኬያት በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳሯ 214 ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ በድጋሚ ልኬታ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። ፈንገሱ በእርግጥ ነበረ፤ እኔ ግን ቅጠሉን እየቆረጥኩ ሥሩን ትቼው ነበር። ስኳሯ በመድኃኒት ከተስተካከለ በኋላ ማሳከኩ አልተመለሰባትም።

አሁን ፈንገሱ ምን እንደሆነ እንይ። ካንዲዳ የሚባል የእርሾ ዓይነት ነው። ከ10 ጤነኛ ሴቶች በ1 ወይም በ2ቱ ብልት ውስጥ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። በአባላዘር በሽታነት አይመደብም፤ ስለዚህ «ባሌ ነው ያመጣብኝ» ብሎ ትዳር ማወክ ተገቢ አይደለም። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። በብልት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እርሾው እንዳይበዛ ይጠብቃሉ። ለጉሮሮ ወይም ለቁስል የተወሰደ አሞክሳሲሊን እነዚህን ጠባቂዎች ሲገድላቸው እርሾው ሜዳውን ብቻውን ያገኛል። ብዙ እህቶች «ኪኒን በጨረስኩ በሳምንቱ ጀመረኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም በሽታና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ያበዙታል።

ምልክቱ በዋናነት ማሳከክ ነው። የብልት ከንፈር ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ፈሳሹ ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ አይብ ወይም እንደ ረጋ ወተት የሚንጠለጠል ሲሆን መጥፎ ሽታ የለውም። ሽንት ሲወርድ የሚያቃጥለው የቆሰለውን ቆዳ ስለሚነካ እንጂ ፊኛው ስለታመመ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚምታቱት ሁለት ናቸው። አንደኛው በባክቴሪያዎች መዛባት የሚመጣው ነው። ፈሳሹ ስስና ግራጫ መሰል ሲሆን ሽታው እንደ ዓሣ ነው፤ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ይብሳል፤ ማሳከኩ ግን ትንሽ ነው ወይም የለም። ሁለተኛው ትሪኮሞናስ በሚባል ተንቀሳቃሽ ጥገኛ ሕዋስ የሚመጣው ነው። ይህኛው ያሳክካል፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል፣ አረፋ ሊኖረው ይችላል፣ ይሸታል። ይህ በግንኙነት ይተላለፋል። በአካባቢያችን ብዙ ወንዶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው ወራት ቆይተው ይመለሳሉ። ባል ከተመለሰ በኋላ የጀመረ ማሳከክ በክሎትሪማዞል ካልዳነ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል። ወንዱ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ሚስት ብቻዋን ብትታከም ከእሱ መልሳ ትወስደዋለች፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሜትሮኒዳዞል መውሰድ፣ ሕክምናው እስኪያልቅም ከግንኙነት መታቀብ አለባቸው። ጥገኛው ሕዋስ ምልክት ሳያሳይ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል ግን መቼ እንደተያዙ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ለጠብ አትቸኩሉ።

ክሎትሪማዞል ለእነዚህ ሁለቱ መድኃኒት አይደለም። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ፈንገስን አይነካም፤ እንዲያውም አንዳንድ ሴቶችን ፈንገስ ያስከትልባቸዋል። እንግዲህ በግምት መግዛት ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን በሽታውን ማስረጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ራሳቸው መርምረው የፈንገስ መድኃኒት የገዙ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። በእርግጥ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ከሦስት አንድ ያህሉ ናቸው። ባለ ብዙ መድኃኒት ቤት አገር ሴቶች ይህን ያህል ከተሳሳቱ እኛ ጎረቤት አማክረን ባንሳሳት ነው የሚገርመው።

ፈሳሽ ሳይኖር የሚያሳክክም አለ። በሳሙና፣ በኦሞ ወይም በዴቶል ውስጥን መታጠብ፣ ሎሚና ጤናዳም ማስገባት፣ ወይባ ጢስ በየቀኑ መሞቅ ቆዳውን አድርቆ ያሳክካል፤ ያሳከካት ሴት ደግሞ ይበልጥ ትታጠባለች። ለኢስቲንጃእ ውጪውን በንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ከፊት ወደ ኋላ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል። የወር አበባዋ የተቋረጠ እናት ቆዳዋ ነጥቶ እንደ ወረቀት ከሳሳና ለወራት ካሳከካት ፈንገስ ሳይሆን የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ታሳይ። ትንሽ ልጅ ሌሊት ሌሊት የምታክ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፊንጢጣ የሚወጣ ትንሽ ነጭ ትል ነው።

ታዲያ መመርመር የሚገባው መቼ ነው? ከዚህ በፊት በሐኪም ታይታ ፈንገስ ነው የተባለች፣ አሁንም ያው ምልክት ያላት፣ እርጉዝ ያልሆነችና ሌላ ሕመም የሌለባት ሴት አንድ ጊዜ መድኃኒት ገዝታ ብትሞክር አይከፋም። በሁለት በሦስት ቀን መቅለል፣ በሳምንት መዳን አለበት። ካልዳነ፣ በሁለት ወር ውስጥ ከተመለሰ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከመጣ ግን መድኃኒት መደጋገም ትቶ መመርመር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ፈሳሹ የሚሸታት ወይም ቀለሙ የተለወጠባት ሴትም እንዲሁ ሳትሞክር ትመርመር። ትኩሳት፣ ከእንብርት በታች ሕመም፣ ቁስል፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ ደም ካለ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ማሕፀን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ወይም የማሕፀን በር ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ባለሙያዋ በጥጥ ከፈሳሹ ትንሽ ትወስዳለች፤ ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅም ትችያለሽ። ፈሳሹን ወረቀት አስነክተው የአሲድ መጠኑን ያያሉ፤ ከ4.5 በታች ከሆነ ከፈንገስ ጋር ይስማማል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ያደላል። ከዚያ በመስታወት ላይ አንዱን ጠብታ በጨው ውኃ፣ አንዱን በፖታሽ ቀላቅለው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ትሪኮሞናስ እየተንቀሳቀሰ ይታያል፤ ስለዚህ ናሙናው ሳይቀዘቅዝና ሳይቆይ ወዲያው መታየት አለበት። እርሾው ደግሞ እንደ ክር ተቀጥሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ማይክሮስኮፕ ፈንገስ ካለባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል። «የለም» ተብሎ ምልክቱ ቁልጭ ያለ ከሆነ ሐኪሙ ቢያክም ስሕተት አይደለም። ምንም ሳይሰማት «እርሾ ታይቷል» የተባለች ሴት በተቃራኒው መድኃኒት አያስፈልጋትም። ለሚመላለስባት ሴት ከዚህ ጋር የደም ስኳርና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ይጨመርላታል። በሕክምና ለማይበገረው ደግሞ እርሾውን አሳድጎ ዓይነቱን የሚለይ የካልቸር ምርመራ አለ፤ እሱ በትልልቅ ላቦራቶሪ ነው የሚሠራው።

ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ጣቢያ በምልክት ብቻ ያክማሉ። በአገራችን የሕክምና መመሪያ መሠረት ለብልት ፈሳሽ ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል፤ ፈሳሹ እንደ አይብ ከሆነ ክሎትሪማዞል ይጨመራል፤ ለአባላዘር በሽታ ተጋላጭ ከሆነች ሌሎችም ይታከላሉ። ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ቢሰጥሽ ባለሙያው ግራ ገብቶት አይደለም። መንገዱ ከተመቸሽ በነፋስ መውጫ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም በደብረ ታቦር ሆስፒታል መታየት ይቻላል።

ስለ አወሳሰዱ አንድ ነገር ልበል። ክሎትሪማዞል 200 ሚሊግራም ለ3 ሌሊት፣ 100 ሚሊግራም ከሆነ ለ6 ወይም ለ7 ሌሊት በመኝታ ሰዓት በጥልቀት ይገባል። ለእርጉዝ ሴት 100ው ለ7 ሌሊት ነው፤ የሚዋጠው ፍሉኮናዞል ለእርጉዝ አይሰጥም። እርጉዝ ላልሆነች አንድ የ150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል እኩል ይሠራል፤ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን አስቀድማ ትንገረን። ብዙ እህቶች ሁለተኛው ሌሊት ላይ ያቋርጡታል፤ ምክንያቱም ጠዋት ነጭ ነገር ሲፈስ ሶላታቸው ያሳስባቸዋል። ከዒሻእና ከዊትር በኋላ፣ ልትተኚ ስትይ አስገቢው፤ በረመዳንም ሌሊት ስለሚሆን ከጾሙ ሰዓት ውጭ ነው። ጠዋት የሚፈሰው የኪኒኑ ቅሪት ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የዉዱኡን ድንጋጌ ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ የወር አበባ ከመጣ ደግሞ እስኪያልፍ ጠብቀሽ ብትጀምሪ ይሻላል። ስቴሮይድ ያለበትን እንደ ቤታሜታዞን ያለ የቆዳ ቅባት ግን ያለ ሐኪም አትቀቢ፤ ማሳከኩን ለጊዜው ደብቆ እርሾውን ያፋፋዋል።