ምድጃው ከታደለ በኋላ፦ የፕሮጀክት ተሞክሮን በውጤት ስለመተረክ

የፕሮጀክት ተሞክሮ አንድ ድርጅት ለአሠሪው ያከናወነውን ሥራ የሚያስረዳበት አጭር ጽሑፍ ነው። ችግሩ ምን ነበር፣ ምን ተሠራ፣ ምን ተለወጠ፤ አወቃቀሩ ይኸው ነው። ብዙዎቹ ግን ተጽፈው በመሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ጸሐፊዎቻቸው ጉድለቱ የቋንቋ ድርቀት ይመስላቸውና ቅጽል ይደራርባሉ፤ የተጠቃሚ ፎቶግራፍና የምስጋና ቃል ይጨምራሉ። እኔ የምከራከረው ድርቀቱ የሚመጣው ከመለኪያ እጦት ነው ብዬ ነው። ታሪክ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሸጋገር ነውና፣ መነሻው ያልተመዘነ ለውጥ የቱንም ያህል ቢዋብ ታሪክ አይሆንም።

የእንጦጦን ግርጌ እንውሰድ። ከተራራው ባሕር ዛፍ ደን እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች የአካባቢው የቆየ ገጽታ ናቸው፤ የማገዶ ፍጆታን መቀነስም የብዙ ፕሮጀክቶች ዓላማ ሆኗል። አንድ ድርጅት በየካ ክፍለ ከተማ፣ በኮረብታው ሥር ባሉ 60 ቤቶች ምርጥ ምድጃ ተከለ እንበል። የተለመደው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «60 የተሻሻሉ ምድጃዎች ተሠራጭተዋል፤ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ የማገዶ ፍጆታ በ50 በመቶ ቀንሷል።» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች የድርጅቱን ድካም እንጂ የቤተሰቡን ለውጥ አይናገሩም። ሦስተኛው ውጤት ይመስላል፤ ግን በእነዚያ ቤቶች ማንም የለካው አይደለም፣ ስለ ምድጃው በየቦታው ከሚነገረው የተቀዳ ነው።

ጥንቃቄ የጎደላቸው ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ምድጃ የሚነገር መቶኛ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከቁጥጥር ፈተና ነው፦ እኩል ሊጥ ይዘጋጃል፣ እንጨቱ ከመንደዱ በፊት ይመዘናል፣ የተረፈው እንጨትና ከሰል እንደገና ይመዘናል፣ የነደደው ለተጋገረው እንጀራ ኪሎ ይካፈላል። ይህ የምድጃው ቁጥር ነው፤ የቤቱ ቁጥር ሌላ ነው። በከፋ ዞን የተካሄደና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር በእንጀራ ጋገራ ላይ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ እንጨት እንደሚቆጥብ አሳይቷል። ነገር ግን ምድጃው የእንጀራ ነው፤ ወጡና ቡናው በሌላ እሳት ይሠራሉ። ከቤቱ ማገዶ ግማሹ ለእንጀራ የሚውል ቢሆን፣ 40 በመቶው በጠቅላላው ማገዶ ላይ ሲታይ 20 በመቶ ብቻ ይሆናል። ቤተሰቡ አንዳንዴ ወደ ጉልቻው ከተመለሰ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የቤቱን ቁጥር ለማግኘት ምድጃው ከመተከሉ በፊት መጀመር ያስፈልጋል። የተመዘነ ክምር እንጨት ለቤተሰቡ ይተዋል፤ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ የተረፈው ይመዘናል፣ ስንት ሰው እንደበላም ይጻፋል። ምድጃው ከተለመደ በኋላ ያው ልኬት ይደገማል። የክረምት እርጥብ እንጨት ከብዶ ስለሚመዘን፣ ጾምና በዓልም የምግቡን መጠን ስለሚለውጡ፣ ምድጃ ያላገኙ ጎረቤቶችም አብረው መለካት አለባቸው። ለማሳያ ያህል፣ ምድጃ ባገኙት ቤቶች ሳምንታዊው አማካይ ከ30 ኪሎ ወደ 23 ወረደ፣ በጎረቤቶቹ ደግሞ ከ30 ወደ 28 ወረደ እንበል። ሁለቱ ኪሎ ያለ ምድጃውም የሚቀንስ ነበር፤ የፕሮጀክቱ ድርሻ 5 ኪሎ ነው። አሁን ሪፖርቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ምድጃው ባይኖር በሳምንት 28 ኪሎ እንጨት ያነድ የነበረ ቤት አሁን 23 ኪሎ ያነዳል፤ ቅናሹ ከእንጀራው ነው፣ ወጡ አሁንም በጉልቻ ይሠራል።» ችግሩ፣ ሥራውና ውጤቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተያያዙ፤ የሚቀጥለው ሥራ የት እንደሆነም ታወቀ።

ከ28 ኪሎ 5 ኪሎ መቀነስ ወደ 18 በመቶ ነው፤ አሠሪው ከዚህ ይልቅ 50 በመቶን ይመርጣል የሚል መቃወሚያ ይነሣል። እውነት ነው፣ ትልቁ ቁጥር ለጊዜው ያስደስታል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መዛኝ መጥቶ 5 ኪሎ ቢያገኝ፣ የሠራው ምድጃ እንደከሸፈ ይቆጠራል፤ የከሸፈው ግን ሪፖርቱ ነው። ልኬት ወጪ አለው ለሚሉም፣ 60ውን ቤት ሁሉ መመዘን ግድ አይደለም። በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ቤቶች ይበቃሉ፤ ስንት እንደሆኑና እንዴት እንደተመረጡ በሪፖርቱ ከተገለጸ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ማካካስ የማይቻለው የመነሻው ልኬት ነው፤ ምድጃው ከተተከለ በኋላ ያለፈውን ፍጆታ መመዘን አይቻልም። ስለዚህ የፕሮጀክት ተሞክሮ የምትጽፉ ሁሉ፣ ብዕራችሁን ሥራው ሲያልቅ ሳይሆን የመጀመሪያው ምድጃ ከመተከሉ በፊት አንሡ።