እኩል እርምጃ፣ አሥር እጥፍ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ማክሰኝት በተፋሰስ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት። የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) በጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ የጎርፍና የአፈር መከላት ልኬት ሲያካሂዱ ቆይተዋል። ይህኛው ጉማራ ከፎገራው ጉማራ የተለየ ነው፤ ስሙን ብቻ ይዞ መረጃ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

እዚህ አገር የሚገጥሙን ስፋቶች ጎን ለጎን ለመቀመጥ አይመቹም። ልኬት የሚደረግባቸው ትንንሽ ንዑስ ተፋሰሶች ሠላሳ ሄክታር ገደማ፣ ማለትም 0.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው። የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ወደ 55፣ ጣና ሐይቅ ወደ 3,000፣ የጣና ተፋሰስ በጠቅላላው ወደ 15,000፣ ዓባይ እስከ ሱዳን ድንበር ያለው ተፋሰስ ደግሞ ወደ 175,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። እነዚህን በ20 ሴንቲ ሜትር መስመር ላይ እንደተለመደው እንደርድራቸው። ዓባይ ጫፍ ላይ ሲውል ጣና ሐይቅ ከመነሻው 3.4 ሚሊ ሜትር ላይ ይቀራል። የጉማራ ማክሰኝት ነጥብ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይደርስም፤ እርሳሱ ይሸፍነዋል። ንዑስ ተፋሰሱማ ከዜሮ አይለይም።

ሎጋሪዝማዊው ዘንግ የሚቀይረው የእርምጃውን ትርጉም ነው። በተለመደው ዘንግ እያንዳንዱ እርምጃ የተወሰነ መጠን ይደምራል፤ በዚህኛው ግን በአሥር ያባዛል። ሌላ መስመር 0.1 ላይ እንጀምርና በየ3 ሴንቲ ሜትሩ 1፣ 10፣ 100 እያልን እስከ 1,000,000 እንጻፍ። ንዑስ ተፋሰሱ 1.4፣ ጉማራ ማክሰኝት 8.2፣ ሐይቁ 13.4፣ ዓባይ 18.7 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋሉ። ከንዑስ ተፋሰሱ እስከ ሐይቁ ያለው ርቀት 12 ሴንቲ ሜትር፣ አራት እርምጃ ስለሆነ፣ ሐይቁ አሥር ሺህ እጥፍ መሆኑ በማስመሪያ ይነበባል።

ጀማሪ የሚሰናከለው በሁለት እርምጃዎች መካከል ነው። በ1 እና በ10 አጋማሽ ያለውን ነጥብ 5 ብሎ ያነባል፤ ትክክለኛው ግን 3.2 ገደማ ነው፤ 3.2 በ3.2 ሲባዛ አሥር ገደማ ይሆናልና። በ3 ሴንቲ ሜትር እርምጃ ላይ 2 ከ1 በ9 ሚሊ ሜትር፣ 5 ደግሞ በ21 ሚሊ ሜትር ይርቃል። እኔ ሎጋሪዝም የሚለውን ስም ከመጥራቴ በፊት ተማሪው እነዚህን መስመሮች በእጁ ቢያሰምር እመርጣለሁ። ቀመሩ ከዚያ በኋላ አያስፈራም።

የዘንጉ ጥቅም ግን ነጥቦችን በማራራቅ አያበቃም። ጅረት የሚለካበት አንዱ መንገድ ውኃውን ባለሦስት ማዕዘን ቅድ ባለው ግድግዳ ማሳለፍ ነው። ቅዱ 90 ዲግሪ ሲሆን ፍሰቱ Q = 1.38 × h^2.5 ይሆናል፤ h በሜትር፣ Q በኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ ነው። የውኃው ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሰከንድ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ 50 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 240 ሊትር ገደማ ያልፋል። ከፍታው አሥር እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 316 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ዘንጎች በዚያው የ3 ሴንቲ ሜትር እርምጃ ሎጋሪዝማዊ ከሆኑ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሲኬድ ወደ ላይ ሁለት ተኩል ይወጣል።

እዚህ ላይ ስሕተት ይጋለጣል። ከፍታ የሚነበብበት ሰሌዳ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተተክሏል እንበል፤ ስለዚህ 5 የነበረው 7፣ 50 የነበረው 52 ተብሎ ይመዘገባል። በተለመደው ዘንግ ሁለቱም እኩል ስለሚንሸራተቱ ጥፋቱ አይታይም። በሎጋሪዝማዊው ግን የታችኛው ነጥብ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሸሽ የላይኛው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይነቃነቃል። መስመሩ ከታች በኩል ይጎብጣል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ሲያይ ቀመሩን ከመጠርጠሩ በፊት ሄዶ የሰሌዳውን ዜሮ ከቅዱ ጫፍ ጋር ያስተያያል።

በአንጻሩ ይኸው ዘንግ ትልልቁን ስሕተት ያሳንሳል። በክረምት ጎርፍ 240 ሊትር የነበረው 300 ተብሎ ቢመዘገብ ነጥቡ የሚነሣው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የወቅቱን አብዛኛውን አፈር የሚያወርደው ደግሞ ጎርፉ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ድምር ለሚፈልግ ሰው ሁለቱም ዓይነት ሥዕል ያስፈልጋል።

ዜሮ ደግሞ በዚህ ዘንግ ላይ ቦታ የለውም፤ ወደ ግራ የቱንም ያህል ቢኬድ ቁጥሩ በአሥር ይካፈላል እንጂ አያልቅም። በበጋ የሚደርቅ ጅረት ግን እውነተኛ ዜሮዎች አሉት። አንዳንዱ ሁሉም ላይ ትንሽ ቁጥር ደምሮ ያልፈዋል፤ ይህ ቅድም ያየነውን የሰሌዳ ጉብጠት በገዛ እጅ መሥራት ነው። የሚሻለው የደረቁትን ቀኖች ከሥዕሉ አውጥቶ ስንት እንደሆኑ ከሥሩ መጻፍ ነው።